የተሰነጠቀችው የሲሊከን ዘንግ፦ ቺፕ ለምን ከሰሚኮንዳክተር ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1940 ራስል ኦል የተባለ የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሲሊከን ዘንግ ግራ ተጋብቶ ነበር። ዘንጓ መሃሏ ላይ ስንጥቅ አለባት። በውስጧ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ሲለካ ውጤቱ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያለ አልጨበጥ አለው። ቀረብ ብሎ ሲከታተል የሚለዋውጠው ብርሃን ሆኖ አገኘው። መብራት ሲያበራባት በሁለቱ ጫፎቿ መካከል ግማሽ ቮልት ገደማ ይታያል፤ መብራቱን ሲጋርደው ይጠፋል። ባትሪ አልተያያዘላትም። በዚያን ጊዜ ብርሃን ተቀብለው ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ቁሶች ቢታወቁም፣ ይህን ያህል የሚሰጥ ግን አልነበረም። ኦል ዘንጓን ለሥራ ባልደረቦቹ ሲያሳይ፣ በኋላ ከትራንዚስተር ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ዋልተር ብራተን ዓይኑን ማመን አቅቶት ሰውየው የሚቀልድ መስሎት ነበር።

በዚያች ዘንግ ውስጥ የተደበቀው ነገር ዛሬ በስልካችሁ፣ በቴሌቪዥናችሁና በመኪናችሁ ውስጥ ያለው ቺፕ ሁሉ የሚሠራበት ነው። ኦል ፊት የነበረው ጥያቄ ግን ከዚህ የጠበበ ነበር፦ አንድ ወጥ የሚመስል የሲሊከን ዘንግ እንዴት ሁለት ጫፎቹ የተለያየ ባሕርይ ይኖራቸዋል? መልሱን ለመረዳት ሲሊከን ከመዳብና ከመስታወት በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመዳብ ሽቦ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም በግምት አንድ ኤሌክትሮን ለቆ ለጋራ ያዋጣል። እነዚህ ነጻ ኤሌክትሮኖች በብረቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይዘዋወራሉ፤ ባትሪ ሲያያዝ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። ኤሌክትሪክ የምንለው ይህን ፍሰት ነው። በመስታወት ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ አቶሞቹን እርስ በርስ በማሰር ሥራ ተጠምደዋል። የሚንቀሳቀስ ስለሌለ የሚፈስም የለም።

ሲሊከን የሚጠናው በጥንቃቄ ከተሠራ ክሪስታል ነው። እያንዳንዱ የሲሊከን አቶም ለማሰሪያ የሚያውለው አራት ኤሌክትሮን አለው፤ በዙሪያው ካሉት አራት ጎረቤቶቹ ጋርም በእነዚህ ይተሳሰራል። ስለዚህ በጣም በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ከመስታወት አይለይም፤ ነጻ ኤሌክትሮን የለውም። ልዩነቱ ማሰሪያው ያን ያህል የጠበቀ አለመሆኑ ነው። በተራ የክፍል ሙቀት እንኳ አቶሞቹ ሲንቀጠቀጡ አልፎ አልፎ አንድ ማሰሪያ ይበጠስና አንድ ኤሌክትሮን ነጻ ይወጣል። ማይክል ፋራዴይ በ1833 ሲልቨር ሰልፋይድ የተባለ ቁስ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ በተሻለ እንደሚያስተላልፍ አስተውሎ የተገረመው በዚሁ ምክንያት ነው። ብረት ሲሞቅ ማስተላለፉ ይቀንሳልና። የተበጠሰ ማሰሪያ ማለት ግን በዚያን ጊዜ ገና የማይታወቅ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። በየጎኑ አንድ ሴንቲሜትር በሆነ የሲሊከን ኩብ ውስጥ ወደ 50 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን አቶሞች አሉ። በክፍል ሙቀት ማሰሪያቸውን በጥሰው ነጻ የወጡት ኤሌክትሮኖች ግን 10 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። አሥር ቢሊዮን ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአምስት ትሪሊዮን አቶሞች መካከል አንድ ነጻ ኤሌክትሮን ማለት ነው። ንጹሕ ሲሊከን ባዶ ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ ጥቅሙም የሚመነጨው ከዚህ ባዶነት ነው።

አሁን በዚህ ንጹሕ ሲሊከን ውስጥ ከሚሊዮን የሲሊከን አቶሞች አንዱን አውጥተን በቦታው ፎስፎረስ እንተካ። ፎስፎረስ ለማሰሪያ የሚሆን አምስት ኤሌክትሮን አለው። አራቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ይተሳሰራሉ፤ አምስተኛው ሥራ አጥቶ በትንሽ ሙቀት ነጻ ይወጣል። በአንድ ሚሊዮን አንድ ማለት ኬሚስቶች ቆሻሻ ብለው ሊቆጥሩት የሚያዳግት መጠን ነው። ውጤቱ ግን የነጻ ኤሌክትሮኖቹን ቁጥር አምስት ሚሊዮን እጥፍ ያሳድገዋል። የመዳብን መንገድ ብንሄድና በመዳብ ውስጥ ከሚሊዮን አንድ ባዕድ አቶም ብንጨምር፣ በነጻ ኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ላይ የሚታይ ለውጥ አይመጣም። ሰሚኮንዳክተር ማለት እንግዲህ የማስተላለፍ አቅሙን ሠሪው በሚጨምረው ኢምንት ባዕድ አቶም መወሰን የሚቻልበት ቁስ ነው።

በፎስፎረስ ፋንታ ቦሮን ብንጨምርስ? ቦሮን ያለው ሦስት ነው። ከአራተኛው ጎረቤቱ ጋር ሲተሳሰር አንድ ኤሌክትሮን ይጎድለዋል፤ በማሰሪያው ላይ ክፍት ቦታ ይቀራል። ያ ክፍት ቦታ አንድ ቦታ ቆሞ አይቀርም። በሞላ አውቶቡስ ውስጥ ፊት ካለው ወንበር አንድ ሰው ሲወርድ ከኋላው ያለው ወደፊት ይሸጋገራል፤ ከእሱ ኋላ ያለው ደግሞ በእሱ ቦታ ይቀመጣል፤ እንዲህ እያለ ባዶው ወንበር ወደ ኋላ ይሄዳል። በሲሊከን ውስጥም ክፍተቱ ከኤሌክትሮኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛል፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ እንደያዘ ቅንጣትም ይቆጠራል። መሐንዲሶቹ በፎስፎረስ የተደረገውን ኤን፣ በቦሮን የተደረገውን ፒ ይሉታል።

ወደ ኦል ዘንግ እንመለስ። ዘንጓ የተቆረጠችው ጃክ ስካፍና ሄንሪ ተዌረር የተባሉ የብረታ ብረት ባለሙያዎች ቀልጦ ቀስ እያለ እንዲረጋ ካደረጉት የሲሊከን ጥቅል ነው። ሲሊከን ሲረጋ ባዕድ አቶሞችን እኩል አይቀበልም። ቦሮን በአብዛኛው ቀድሞ ከሚረጋው ክፍል ጋር ይቀራል፤ ፎስፎረስ ግን ገና ፈሳሽ በሆነው ውስጥ መቆየትን ይመርጣልና መጨረሻ ላይ በሚረጋው ክፍል ይከማቻል። ማንም ሳያስበው ጥቅሉ በአንድ ወገን ፒ፣ በሌላው ኤን ሆኖ ረጋ። ኦል ይዟት የነበረችው ዘንግ የሁለቱን ድንበር አቋርጣ የተቆረጠች ነበረች። ሁለቱ ባለሙያዎች ምክንያቱን ለማወቅ የረዳቸው በከፊል አፍንጫቸው ነበር፤ ከጥቅሉ በኤን ወገን ካለው ክፍል የፎስፎረስ ውሁድ ሽታ ይሸታቸው ነበር። የመለኪያ መሣሪያ ሊያሳይ የማይችለውን መጠን አፍንጫ አወቀው።

ለውጡን ያመጣው ስንጥቁ ሳይሆን በክሪስታሉ ውስጥ ያለው የፒና የኤን ድንበር ነው። በዚያ ድንበር አጠገብ ያሉ ነጻ ኤሌክትሮኖች ወደ ፒ ወገን ተሻግረው ክፍተቶቹን ይሞላሉ፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። የሚቀሩት ከቦታቸው የማይነቃነቁ አቶሞች ናቸው፤ በኤን ወገን ኤሌክትሮናቸውን ያጡ ፖዘቲቭ፣ በፒ ወገን ትርፍ ኤሌክትሮን ያገኙ ኔጌቲቭ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ኤሌክትሮን ሊሻገር ሲል ይገፋል፤ ድንበሩ ራሱን ዘጋ ማለት ነው። ከውጭ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብናያይዝ መከላከያው ይቀንስና ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ባትሪውን ብንገለብጠው መከላከያው ይብሳል፤ ምንም አያልፍም። ብርሃን ሲመታው ደግሞ ማሰሪያ ይበጠሳል፤ ነጻ የወጣው ኤሌክትሮንና የተተወው ክፍተት በድንበሩ ግፊት ወደ ተለያዩ ወገኖች ይገፋሉ። የኦል ግማሽ ቮልት ከዚህ የመነጨ ነው። በገጠር ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚታየው የሶላር ሰሌዳም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ድንበር በማልቲሜትር መፈተሽ ይቻላል፤ የሬዲዮና የስልክ ጠጋኞች በየቀኑ የሚያደርጉት ነው። ጤነኛ የሲሊከን ዳዮድ በመሣሪያው የዳዮድ ማሳያ ሲለካ በአንድ አቅጣጫ 0.5 እስከ 0.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ገመዶቹ ሲገለበጡ መሣሪያው `OL` ብሎ አያልፍም ይላል። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ ከታየ ድንበሩ ተቃጥሏል፤ አንድ ወጥ አስተላላፊ ሆኗል። በሁለቱም `OL` ካለ ደግሞ ተቆርጧል። ስለ ፒና ኤን ምንም ያላነበበ ጠጋኝ እንኳ ይህችን 0.6 አካባቢ የሆነች ቁጥር በቃሉ ያውቃታል፤ የሲሊከን ክሪስታል መለያ ናትና።

ዳዮድ ግን አንድ መንገድ ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው፤ በሩን ማንም አይከፍተውም፣ አይዘጋውም። ለቺፕ የሚያስፈልገው በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው፤ ትራንዚስተር የሚባለው። በቺፕ ውስጥ የተለመደው ትራንዚስተር አሠራሩ እንዲህ ነው። ፒ የሆነ ሲሊከን ይወሰድና በላዩ ሁለት የኤን ደሴቶች ይሠራሉ። በመካከላቸው ፒ ስላለ ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው አያልፍም። በመካከለኛው ቦታ ላይ ስስ የመስታወት ሽፋን ይደረጋል፤ በመስታወቱ ላይ ደግሞ ጌት የሚባል አስተላላፊ ንጣፍ ይቀመጣል። ጌቱ ላይ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ሲደረግ ከሥሩ ያሉትን ክፍተቶች ገፍቶ ያርቃል፤ ኤሌክትሮኖችን ወደ ሲሊከኑ ገጽ ይጠራል። በቂ ኤሌክትሮኖች ሲሰበሰቡ በሁለቱ ደሴቶች መካከል ስስ መንገድ ይፈጠራል፤ በሩ ይከፈታል። ቮልቴጁ ሲነሳ ኤሌክትሮኖቹ ይበተናሉ፤ በሩ ይዘጋል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ በጌቱ በኩልም መስታወቱ ስለሚከለክል ኤሌክትሪክ ወደ ውስጥ አያልፍም።

ለምን ይህ በመዳብ አይሠራም ለሚል አንባቢ መልሱ ቀደም ሲል ባየነው ቁጥር ውስጥ ነው። መዳብ ውስጥ ነጻ ኤሌክትሮኖቹ ከመጠን በላይ ስለሚበዙ ከላይ የሚመጣ ማንኛውም ግፊት ከገጹ የአንድ አቶም ያህል እንኳ ሳይዘልቅ ይመከታል፤ ቀሪው ብረት ምንም ሳይሰማው ማስተላለፉን ይቀጥላል። የመዳብን በር መዝጋት አይቻልም። የመስታወትን ደግሞ መክፈት አይቻልም፤ የሚጠራ ኤሌክትሮን የለውም። ሲሊከን ግን ያሉት ኤሌክትሮኖች ጥቂት ስለሆኑ በአንድ ቮልት አካባቢ ጉልበት ከገጹ ማባረርም መሰብሰብም ይቻላል። ሁለት እንዲህ ያሉ በሮች ተከታትለው ቢገጠሙ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ሁለቱም ሲከፈቱ ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን ቢገጠሙ አንዱ መከፈቱ ይበቃል። “ይህም ያም” እና “ይህ ወይም ያ” የሚሉት ሁለቱ ፍርዶች ከዚህ ይወጣሉ፤ መደመር፣ ማነጻጸር፣ ማስታወስ የሚባሉት የኮምፒውተር ሥራዎች ሁሉ እነዚህን በሚሊዮኖች አቀናጅቶ መገጣጠም ናቸው።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ እንዲህ ቀላል ይሁን እንጂ እውን ለማድረግ ዓመታት ፈጅቷል። በ1945 ዊልያም ሾክሊ በጌት የሚከፈት በር ሠርቶ ቢሞክርም የጠበቀውን ውጤት ማየት አልቻለም። ጆን ባርዲን ምክንያቱን አገኘው፦ የሲሊከን ክሪስታል በገጹ ላይ ይቋረጣል፤ በዚያ ያሉት አቶሞች ጎረቤት ያጡ ናቸው፤ ማሰሪያቸው ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ጌቱ የጠራውን ኤሌክትሮን ሁሉ ይይዙታል። ኤሌክትሮኑ ይመጣል፤ ነገር ግን አይሄድም። ባርዲንና ብራተን ይህን ችግር ሲመረምሩ በዲሴምበር 1947 በጀርማኒየም ላይ በሌላ መንገድ የሚሠራ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ፤ ሾክሊን ጨምሮ ሦስቱም በ1956 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። የጌቱ ሐሳብ ግን ለጊዜው ተቀመጠ።

ታዲያ ጀርማኒየም ቀድሞ ከተሳካ ሲሊከን እንዴት ቦታውን ወሰደ? አንደኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የጀርማኒየም ማሰሪያ ከሲሊከን የላላ ስለሆነ በክፍል ሙቀት ብቻ የሚበጠሱት ማሰሪያዎች ከሲሊከን ሁለት ሺህ እጥፍ ገደማ ይበዛሉ። መሣሪያው ትንሽ ሲሞቅ በሙቀት የተፈቱት ኤሌክትሮኖች ሠሪው በቁጥር ያስገባቸውን ይውጧቸዋል፤ ፒና ኤን የሚባል ልዩነት ይደበዝዛል፤ በሩ አልዘጋ ይላል። በ1954 በኦሃዮ ዴይተን በተካሄደ ጉባኤ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረባ ጎርደን ቲል ይህን በተሰብሳቢው ፊት አሳይቷል። ሙዚቃ እያጫወተ ያለ መሣሪያ አቆመና የጀርማኒየም ትራንዚስተሩን ትኩስ ዘይት ውስጥ ነከረው፤ ሙዚቃው ቆመ። በሲሊከን የተሠራውን ሲነክረው ሙዚቃው ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ተሰብሳቢዎች የሲሊከን ትራንዚስተር ገና ዓመታት እንደሚቀሩት ያምኑ ነበር።

ሁለተኛውና በእኔ አስተያየት የላቀው ምክንያት መስታወቱ ነው። ሲሊከን በምድጃ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲሞቅ ከራሱ ገጽ የራሱን መስታወት ያበቅላል፤ ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ይባላል። በ1955 ካርል ፍሮሽና ሊንከን ዴሪክ በቤል ቤተ ሙከራ የሲሊከን ዝርግ በምድጃ ውስጥ ሲያሞቁ ሳያስቡት ይህ ሽፋን ተፈጠረላቸው፤ ባዕድ አቶሞች እንዳይገቡ እንደሚከላከልም አዩ። ከዚያ ሞሐመድ አታላና ዳዎን ካንግ ንጹሕ ገጽ ላይ በጥንቃቄ የበቀለ መስታወት የተንጠለጠሉትን ማሰሪያዎች አብዛኞቹን እንደሚያረካ ተጠቅመው፣ በ1959 ሾክሊ ያልቻለውን በጌት የሚሠራ ትራንዚስተር ሠሩ። የጀርማኒየም ኦክሳይድ በውኃ ይሟሟል፤ ሲታጠብ ይጠፋል። ሲሊከን ያሸነፈው በኤሌክትሪክ ብልጫ ብቻ አይደለም፤ ቺፕ በሺህ ጊዜ ታጥቦ፣ ተለብጦ፣ ተፍቆ የሚሠራ ስለሆነ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳይነካ የሚቆይ የራሱ ቆዳ ስላለው ነው።

አንድ ነገር ግን ፍላጎቱን ከፍ አድርጎታል። ባዕድ አቶም ከሚሊዮን አንድ ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ ያልተፈለገ ባዕድ አቶም ምን ያህል አጥፊ እንደሚሆን አስቡት። ከቢሊዮን አቶሞች አንዱ ብቻ ፎስፎረስ ቢሆን እንኳ ከሙቀት የሚመጡትን ኤሌክትሮኖች በአምስት ሺህ እጥፍ ይበልጣቸዋል። ስለዚህ አሸዋና ድንጋይ ውስጥ ያለው ሲሊከን ከከሰል ጋር በምድጃ ቀልጦ ከወጣ በኋላ ወደ ጋዝ ተለውጦ፣ ተጣርቶ፣ ተመልሶ ይረጋል። ከዚያ በ1414 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ትንሽ የክሪስታል ዘር ቀላጩን ይነካና ቀስ እያለ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከዘሩ ጋር አንድ ወጥ የሆነ ትልቅ ክሪስታል አብሮ ይወጣል። ይህ ተቆራርጦ በዛሬው ፋብሪካ 30 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ከአንድ ሚሊሜትር የቀጠነ ክብ ዝርግ ይሆናል። ፒም ሆነ ኤን የሚደረገው በሚፈለገው ቦታና መጠን ብቻ ነው። ቆሻሻውን አውጥቶ እንደገና በልክ መመለስ ብዙ ድካም ይመስላል፤ ነገር ግን ኦል ዘንግ ላይ በአጋጣሚ የተፈጠረውን ሆነ ብሎ ለመፍጠር ሌላ መንገድ አልተገኘለትም።

ትራንዚስተር እያነሰ ሲሄድ የሲሊከንን ጥንካሬ የሠሩት ነገሮች ራሳቸው ድንበሩን ያሳያሉ። በ1971 ኢንቴል ያወጣው 4004 ቺፕ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ በ2020 የወጣው የአፕል ኤም1 16 ቢሊዮን አለው። የጌቱ መስታወት ከጥቂት አቶም ንብርብር ከቀጠነ በኋላ ኤሌክትሮኖች ሾልከው ማለፍ ጀመሩ፤ ኢንቴል በ2007 ወደ ሃፍኒየም ኦክሳይድ የተሻገረው፣ ያው ጉልበት እያለው ወፈር ሊል ስለሚችል ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የባዕድ አቶሞቹ ቁጥር ነው። የበሩን መሃል በየጎኑ 20 ናኖሜትር የሆነ ኩብ አድርገን እንውሰደው። በውስጡ 400 ሺህ ገደማ የሲሊከን አቶሞች ይኖራሉ። ለትናንሽ ትራንዚስተሮች ከተለመደው የባዕድ አቶም መጠን፣ ከ50 ሺህ አንድ ያህል፣ ብንነሳ የሚደርሰው ስምንት ቦሮን ብቻ ነው። አቶሞቹ የሚወድቁበትን ቦታ ደግሞ ማንም አይመርጥም። አንዱ ትራንዚስተር አምስት ሲደርሰው ጎረቤቱ አሥራ አንድ ይደርሰዋል፤ አንዱ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይከፈታል፣ ሌላው ይዘገያል። አንድ ሴንቲሜትር በሆነ ኩብ ላይ ስንቆጥር የማይታየው አጋጣሚ፣ በስምንት አቶሞች ላይ ሲሆን የሥራውን ውጤት ይወስናል።

ስለዚህ ከ2011 ጀምሮ በስፋት የተጀመረው አሠራር የበሩን መሃል ያለ ባዕድ አቶም መተው ነው። ሲሊከኑ እንደ ቀጭን ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጌቱ ከሦስት ወገን አቅፎ ይይዘዋል፤ በቅርብ የሚወጡት ደግሞ ከአራቱም ወገን ይከቡታል። ጌቱ ከየአቅጣጫው ስለሚቆጣጠር መሃሉ ቦሮን ባይኖረውም በሩ ይዘጋል። በስንት ቮልት ይከፈት የሚለውንም የሚወስነው ጌቱ የተሠራበት ብረት ዓይነት ነው። ኤን የሚደረጉት ሁለቱ ደሴቶች ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሲሊከን ንጹሕ ነው፤ ጌቱ እስኪጠራ ድረስም ባዶ።